መሪጌታ ዋስ የሆኑበት ወረቀት

ከአዲስ አበባ የመጣው ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የማያውቅ ጎረምሳ ነበር። «መብራት ሄደ? አንተ እንዳትሄድ! ወገግታን ያዝ! ስልክህን ቻርጅ አድርግ፣ ፊልምህን ጨርስ፣ ሙድህ አይበላሽ! ስምንት ሰዓት ሙሉ ደማቅ ብርሃን! ዛሬ ብቻ ልዩ ቅናሽ፤ ሳያልቅ ቶሎ በል!» ከጎኑ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የደፋች ልጅ እስከ መንጋጋዋ ትስቃለች። እጇ ላይ ያለችው ፋኖስ ከሳቋ የተነሳ በደንብ አትታይም።

ወገግታ የፀሐይ ፋኖስ ናት። ቡና መጠጫ ስኒ የምታህል አምፖል፣ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል የፀሐይ ሰሌዳ፣ በዚያ ላይ ሶኬት ላይ የምትሰካበት ገመድ አላት። ፋኖሷን የሚያከፋፍለው ድርጅት ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ቅርንጫፍ ከከፈተ ገና አራተኛ ወሩ ነው። ሶስና እዚያ የተቀጠረችው ለሙከራ ነበር፤ ሥራዋ ማስታወቂያ መጻፍና ገበያ ቀን እየወጡ ማስተዋወቅ። ሥራ አስኪያጁ ፋሲል ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ራሱን አከከ።

«ይሄ ቦሌና መገናኛ ላይ እየተሻሙ ነው የገዙበት። እዚህ ግን የሚገዛን ጎረምሳ አይደለም። ጎረምሳው ከተማ ነው፣ መብራት አለው። መብራት የሌለው ጉና ሥር፣ ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ ነው። እዚያ ደግሞ ከኪሱ የሚያወጣው አባወራው ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ነጋዴ ባየ ቁጥር ጋቢውን አጥብቆ የሚይዝ። ይሄን ጽሑፍ ለእሱ አድርጊልኝ።»

ሶስና የመጀመሪያውን ቀን የሠራችው ሥራ ቢነገር ያሳፍራል። «አንተ» የሚለውን ሁሉ «እርስዎ» አለችው፣ «ሙድ»ን አወጣች፣ ልጅቷን አንስታ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ፎቶ አስገባች፤ አበቃ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምራ የመጣች ልጅ ናትና ሥራዋን ወድዳዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአባቷ አነበበችላቸው። ይህ ለሁለቱም የቆየ ልማድ ነው። መሪጌታ ገብረኪዳን ለአርባ ዓመት ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ግን ዳዊቱንም ድጓውንም በቃላቸው ስለሚሉት ከደብሩ ሰው ግማሹ ማየት ማቆማቸውን እንኳን አያውቅም። በቃል የማይያዘውን፣ ማለትም ደብዳቤውን፣ የሰበካ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ፣ ጋዜጣውን ቅዳሜ ቅዳሜ የምታነብላቸው ሶስና ነች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። መሪጌታ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይከድናሉ። አንድ ነገር ከጎረበጣቸው ጠቋሚ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያነሳሉ፤ ያኔ መድገም ነው።

ያን ቀን ጣታቸው ከመነሳት አልወረደም።

«ማን አባሮት ነው እንዲህ የሚሮጠው?» አሉ።

«ማስታወቂያ እኮ ነው አባባ።»

«ይሁን። ነጠላ አለበስሽው እንጂ ያው ጎረምሳ ነው። ‹ዛሬ ብቻ› ይለኛል። ዛሬ ብቻ ያለኝ ነጋዴ ነገ ወዴት ሊጠፋ ነው? ‹ስምንት ሰዓት› ይለኛል። እኔ ሌሊት ለማኅሌት የምነሳበት ስምንት ሰዓት ነው፤ ምን ልበለው? ደግሞ ሲበላሽስ? ይዤው ወዴት ልሂድ? ሰውየው ስም የለውም? ቤት የለውም?»

ሶስና መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ደብተሯን ሳበች። የሚጠይቁትን ሁሉ እየተከታተለች ጻፈች። አባቷን በሕይወቷ ሙሉ ታውቃቸዋለች፤ እንደ ገዢ ግን አስባቸው አታውቅም ነበር። ይህን ጊዜ ነው ሥራዋ የገባት። የከተማው ልጅ ዕቃው ባይሠራ ይስቅና ለጓደኛው ያወራል፤ ሌላ ይገዛል። ሽማግሌው የሚሸጠው በግ አንድ ነው፤ ከሳተ ዓመቱን ሙሉ የጎረቤት መሳቂያ ነው። ስለዚህ ደስታ አይሹም፤ የሚሹት እንዳይታለሉ ነው። መቸኮልን ይፈራሉ። የሚያባብል አፍ ይጠረጥራሉ። ወረቀቱንም አብዛኞቹ በዓይናቸው አያነቡትም፣ ዲያቆኑ ወይ የልጅ ልጁ ያነብላቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ለጆሮ የሚጥም፣ አንዴ ሲሰሙት የሚያዝ መሆን አለበት።

«ሌላስ አባባ?»

መሪጌታ አሰቡና «በጉም ቀንስ?» አሉ።

ሶስና ይህንንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሰኞ ዕለት የቅርንጫፉን ቴክኒሻን አለሙን ጠየቀችው። አለሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሙሉ ቀን ፀሐይ ካገኘች ስምንት ሰዓት ታበራለች፣ እውነት ነው። ደመና ሲሆን ሁለት ሰዓት ብትሰጥ ነው። ጉና ላይ፣ ሐምሌ ወር፣ ሳምንት ሙሉ ጉም ሲተኛበት እሱንም እጠራጠራለሁ። ለከተማው ሰው ችግር የለውም፤ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይሞላታል። ገጠር ሶኬት የታለ?»

ይህንኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። «እሱን ጻፊዋ» አሉ መሪጌታ። «የማይችለውን ከነገርሽኝ፣ የሚችለውን ስትነግሪኝ አምንሻለሁ።»

ሶስና ጽሑፉን እንደገና ሠራችው። ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ በየቅዳሜው እያነበበች፣ ጣታቸው በተነሳበት እያረመች። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ወገግታ የፀሐይ ፋኖስ። ቀን ፀሐይ ላይ ያውሏታል፤ ከብት ከገባ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪተኛ ታበራለች። ጭስ የላትም፤ ዓይንዎን አታነድም። ከኩራዙ ወጪና ጭስ ቤትዎን ያሳርፉ። አይቸኩሉ፤ መጥተው በእጅዎ ይዘው፣ አብርተው አጥፍተው ይዩ። ከተበላሸች ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ የሚጠግን ሰው አለ፤ ስሙ አለሙ ነው፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያው በር ፊት ለፊት ያገኙታል። በክረምት፣ ጉም በዋለበት ቀን ግን በቂ ፀሐይ ስለማታገኝ ብዙ አታበራም፤ ስለዚህ ኩራዝዎን ጨርሰው አይጣሉ።»

መሪጌታ የመጨረሻውን አስደገሙና ፈገግ አሉ። «ይሄ ሰው ሆነ» አሉ። ሶስና ያን ዕለት የተሰማትን ደስታ ዲግሪዋን የተቀበለች ቀን አልተሰማትም።

ፋሲልም አንብቦ ጨርሶ ጠረጴዛውን መታ። «ወርቅ ነው! በእውነት ወርቅ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ግን አውጪያት።»

«የቱን?»

«የጉሟን። ሰው ሊገዛን እጁን ኪሱ ሲከት ‹አታበራም› ይባላል እንዴ? ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄን ቢያይ ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን። በእሷ ቦታ ምስክር አስገቢ። አዲስ አበባ ኢንተርኔቱ ላይ ገዢዎች አምስት ኮከብ ይሰጡታል። የዚህ አገር ኮከብ ሰው ነው። የታወቀ ሰው።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ቆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅሽ ማነው?»

«አባቴ።»

«መሪጌታ ገብረኪዳን? ሶስና፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤትሽ አስቀምጠሽ ምስክር አጣሁ ትያለሽ? ተማሪያቸው ያልሆነ ቄስ የት አለና!»

«ልጠይቃቸውና...»

«ማተሚያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ፋይሉ ዛሬ ካልሄደ ከፋሲካ በፊት አይደርስም። ደግሞ የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ነው፤ ይቺን ይዤ ነው ስለ አንቺ የምጽፈው።»

እዚህ ላይ ለሶስና ጠበቃ ልቆምላት አልፈልግም። ፋሲል አፏ ውስጥ ቃል አልከተተም። እሱ ያላት «ምስክር» ብሎ ነው፤ «ዋስ» የሚለውን ቃል ያመጣችው ራሷ ነች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሽማግሌ ጆሮ ምን እንደሚሰማ ስታጠና ከርማለች። «ምስክር» ቢሏቸው ነጋዴ የገዛው አፍ ነው ብለው ያልፉታል፤ «ዋስ» ሲባል ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ዋስ ማለት ነገሩ ቢጣመም ደጁ ሄደህ የምትይዘው ሰው ነው። ይህን አውቃ፣ ቃሉን መርጣ፣ በቃሉም ኮርታ ጻፈችው፦ «ይህችን ፋኖስ መሪጌታ ገብረኪዳን ጠይቀው መርምረው አይተዋታል፤ ዋሷ እሳቸው ናቸው።» የጉሙን መስመር ሰረዘች። ፋይሉን ላከች።

ወረቀቱ ታትሞ በመጣ በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው «ታተመ አሉ?» አሏት።

«አዎ፣ ታትሟል።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ሶስና ወረቀቱን ዘረጋች። ቀለሙ ገና ይሸታል። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ የመናኸሪያው በር ጋ ስትደርስ ዓይኗ «ዋሷ እሳቸው ናቸው» ላይ ወደቀ። አፏ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። «በክረምት፣ ጉም በዋለበት ቀን ግን በቂ ፀሐይ ስለማታገኝ ብዙ አታበራም፤ ስለዚህ ኩራዝዎን ጨርሰው አይጣሉ» አለች፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች።

መሪጌታ ጣታቸውን አነሱ። «የጉሙን ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ድምጿ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

«ተባረኪ» አሉ። «ከሽማግሌ ጸሎት አትወጪም።»

ፋኖሷ ተሸጠች። ከፋሲካ ማግሥት እስከ ሰኔ ድረስ ገበሬው ከጉና ሥር እየወረደ «የመሪጌታን ፋኖስ ስጡን» እያለ ገዛ። ፋሲል ሶስናን ቋሚ አድርጎ አስቀጠራት። ደብሩ ላይ ደግሞ የማያውቋቸው ሰዎች መሪጌታን ጉልበታቸውን እየሳሙ «እግዜር ይስጥልን የኔታ፣ ቤታችንን አበሩልን» ይሏቸው ጀመር። መሪጌታ ያስተማሯቸው ልጆች አባቶች መስለዋቸው፣ ስለ ትምህርቱ የሚሏቸው መስሏቸው «ለእሱ ክብር ምስጋና ይግባው» እያሉ ያልፋሉ። ይህን ለሶስና ቤት መጥተው ሲያጫውቷት ደስ ብሏቸው ነበር። እሷ ምድጃውን ትቆሰቁስ ነበር፤ መቆስቆስ የማያስፈልገውን ምድጃ። ልትነግራቸው ሐምሌን ሙሉ ቀን ቆረጠች፤ ቀኑ በደረሰ ቁጥር ደግሞ አንድ ሳምንት ጨመረችበት።

ክረምቱ የዘንድሮው ክፉ ነበር። ጉና ከነቤቱ ከነከብቱ ጉም ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሶስና ለአባቷ የሰበካውን ደብዳቤ እያነበበች ሳለ፣ በሩ ላይ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ተሰማ። ሽማግሌ ነው። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ትከሻው ላይ ተለጥፏል፤ እግሩ እስከ ባቱ ጭቃ ነው። ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«የመሪጌታ ገብረኪዳን ቤት ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው፤ ይግቡ ከዝናቡ» አሉ መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነስተው።

ሰውየው ስሙ ይሻው እንደሚባል፣ ከጉና ግርጌ እንደመጣ ተናገረ። ሶስና ያቀረበችለት በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እህል ውኃ ግን አልፈልግም አለ። ጨርቁን ፈታ። ወገግታ ነበረች። ሶስና የሰበካውን ደብዳቤ አጠፈችው።

«የኔታ፣ ልጨቀጭቅዎ አይደለም የመጣሁ» አለ አያ ይሻው። «ባለቤቴ እመቤት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ናት። ነበረች። ጭሱ ደረቷን ይዟት ነው። ይቺ ፋኖስ ጭስ የላትም ሲሉ በጌን ሸጬ ገዛኋት። አልዋሽም፣ እስከ ሰኔ እንዳሏት ሆነች። እመቤትም ወደደቻት፤ ‹ሌሊት ሲነቃኝ ፊትህን አያለሁ› ትለኝ ነበር። ኩራዟን ለጎረቤት ሰጠናት፤ ወረቀቱ ከኩራዝ ቤትዎን ያሳርፉ ይል የለ? ሐምሌ ሲብት ጉሙ ወረደ። ፋኖሷ አንድ ቀን ትበራለች፣ ሦስት ቀን ትጠፋለች። ነገ ይገለጣል ስንል... የሥላሴ ለት ሌሊት እመቤትን ትንፋሽ አጠራት። እጇን ያዝኳት። ‹ይሻው፣ ፊትህን አሳየኝ› አለችኝ። ቁልፏን ብጫን ብጫን ብልጭ አለችና ጠፋች። እሳቱን እፍ ብል እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ‹የት ነህ?› አለችኝ። ‹አለሁ፣ ይኸው ይዤሻለሁ› እላታለሁ። ‹አታሳየኝም?› አለችኝ። እንደዚያ እንዳለች አረፈች።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ይሻው አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» አሉ መሪጌታ። «አያ ይሻው፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ግን እኔ ዘንድ ምን አመጣዎ?»

«ዋሷ እርስዎ ነዎት ብዬ ነዋ።»

«ምን አሉ?»

«ወረቀቱ እንዲያ ይላል። ዲያቆናችን ሦስቴ አንብቦልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።» ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነና፣ የተማሪ ቤት ልጅ ትምህርቱን በቃሉ ለመምህሩ እንደሚያሰማ፣ የሶስናን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ወረደው። አንዲት ቃል አልሳተም። ለጆሮ የተጻፈ ነበርና በጆሮ ተይዟል። «...ደብረ ታቦር መናኸሪያው በር ፊት ለፊት ያገኙታል። ይህችን ፋኖስ መሪጌታ ገብረኪዳን ጠይቀው መርምረው አይተዋታል፤ ዋሷ እሳቸው ናቸው።»

መሪጌታ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ይሻው አልነበረም፤ ሶስና ወደተቀመጠችበት ነው። ጣታቸው ተነሳ።

«የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

ደገመላቸው።

«ስለ ጉም የሚል የለውም?»

«የለውም የኔታ። ቢኖረውማ ኩራዟን መች እሰጥ ነበር።»

ሶስና «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እንዲያው አንድ ቃል ናት፤ ሁለት። አልወጣ አለቻት።

«እኔ ካሳ አልጠይቅዎም» አለ አያ ይሻው። «ምን ይካሳል? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው ከሌሊት ጀምሬ የተጓዝኩት። እውነት ብለውታል? ‹አላልኩም› ካሉኝ፣ የነጋዴ ወረቀት ነው ያታለለኝ ብዬ ረግሜው እሄዳለሁ። ‹ብያለሁ› ካሉኝ ግን እርስዎ አይዋሹም፤ አያያዙን ሳላውቅበት፣ እኔው አበላሽቻት ይሆናል ብዬ... እኔው ነኝ በጨለማ የሸኘኋት ብዬ እቀመጣለሁ። ይሄን ብቻ ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ገብረኪዳን በዕድሜያቸው ሙሉ ውሸት ተናግረው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። እውነቱን ቢሉ ስማቸው ነጻ ነው፤ ግን በዚህ ሰው ፊት ልጃቸውን ሐሰተኛ ማለት ነው። ከተቀመጡበት ተነሱ። በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ ወደ ሽማግሌው ሄዱ።

«ብያለሁ» አሉ። «ዋስ ነኝ። አያያዝዎ አልተበላሸም፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ፋኖሷ በጉም አታበራም። ያንን እያወቅሁ ሳይነገርዎ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ እነዚያ አርባ ዓመት ሲሳሙ የኖሩ ጉልበቶች መሬት ነኩ። «ስለ እመቤት ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ የኔታ! ኧረ በማርያም! ኧረ ይነሱልኝ!» አያ ይሻው እያለቀሰ ሊያነሳቸው ይታገላል። «ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ እሷም ትበልዎ።»

ሶስና ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማ አየች። ያን ጊዜም አልተናገረችም። በኋላ ከሁሉ የሚቆጫት ይህ ነው፤ ወረቀቱ ሳይሆን ይህ ዝምታ።

ሽማግሌው ፋኖሷን በርጩማው ላይ ትቶ ሄደ። መሪጌታ ወደ መደባቸው ተመለሱ።

«አባባ...» አለች ሶስና።

«ሄዱ?»

«ሄደዋል። አባባ፣ እኔ...»

«ያልነበረውን አነበብሽልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የነበረውን ደበቅሽኝ። አስደግሜሽ ነበር እኮ ልጄ። ዓይኔ እኮ አንቺ ነበርሽ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢረግሟት፣ ዱላቸውን ቢያነሱባት ምን ነበረበት! «ነበርሽ» የምትለዋ ቃል ብቻ ቤቱ ውስጥ ቀረች። ተማሪ ቢጠይቃቸው ያስተምራሉ፣ ምሳ ቢቀርብላቸው ይበላሉ፤ የሰበካው ደብዳቤ ግን ግማሹ ሳይነበብ እንደታጠፈ ሰነበተ። የሠፈር ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሊወስዷቸው ቢመጡ «ለጊዜው ቃሌ አይበቃም፣ ሌላ ፈልጉ» ብለው መለሷቸው።

ሰኞ ዕለት ሶስና ፋኖሷን ይዛ ቢሮ ገባች። አለሙ ገመዷን ሶኬት ላይ ሰካት። ከሰዓት በኋላ ቁልፏን ሲጫን ክፍሉ ቦግ አለ፤ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ታየ። «ዕቃዋ ጤነኛ ናት» አለ አለሙ። «በዋስትናው የምትቀየር አይደለችም።» ሶስና ያን ብርሃን አይታ ወንበሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የሰው ፊት ለማሳየት የሚበቃ ብርሃን ነበር።

ለፋሲል ማረሚያ ወረቀት እንዲወጣ ነገረችው። ፋሲል ክፉ ሰው አይደለም፤ የምትለውን እስከ መጨረሻው ሰማት። «ልከለክልሽ አልችልም» አለ። «የድርጅቱን ማኅተም ግን አታድርጊበት።» ሶስና የሥራ መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።

ማረሚያውን ስትጽፍ እርማት አላስፈለጋትም። ለወጣት ይሁን ለሽማግሌ ብላም አላሰበችም። «ወገግታ ፋኖስ ጉም በዋለበት ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አታበራም፤ ጉሙ ከሰነበተ ጨርሶ ላታበራ ትችላለች። ኩራዝዎን ከቤትዎ አያውጡ፤ በተለይ ሕመምተኛ ካለ። ይህ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አባቴ ነግረውኝ ነበር፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ ገብረኪዳን ዋስ አልሆኑም። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ያስገባሁ እኔ ልጃቸው ሶስና ነኝ።» አንዱን ቅጂ በሰው እጅ ለአያ ይሻው ላከች። ሌላ መቶ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝታ ያዘች።

የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ላይ ለአባቷ አነበበችላቸው። ከላይ እስከ ታች፣ ያለውን ብቻ። ጣታቸው አልተነሳም። ስትጨርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ።»

ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉትና ዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት። ሶስና ልቧ ትንሽ ተመለሰ። ከዳዊቱ ጋር ካኖሩት ተቀብለውኛል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ያን ሌሊት ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቶቿን ይዛ ደብሩ ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ በጉሙ ውስጥ ነጭ በነጭ ሆኖ እየወጣ ነው። ከዋርካው ሥር እያደለች ሳለ አባቷን አየቻቸው፤ ቅጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ አጠገባቸው የልጅነት ባልንጀራቸው መሪጌታ ደምሴ አሉ። ደምሴ አንድ ወረቀት ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያነባሉ። የእጥፋቱን ምልክት አውቃዋለች።

ቀረብ አለች፤ ጫማዋ ጭቃው ላይ እንዳይሰማ ቀስ ብላ።

«...ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ያስገባሁ እኔ ልጃቸው ሶስና ነኝ» አሉ ደምሴ።

የአባቷ ጣት ተነሳ። «ከላይ ጀምረህ ድገምልኝ።»

ደምሴ ደገሙ። መሪጌታ ገብረኪዳን በየቃሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትናንት ከእሷ አፍ የሰሙትን ዛሬ ከሚሰሙት ጋር ቃል በቃል እያመሳከሩ።

«ሌላ የለበትም?» አሉ።

«የለበትም።»

«ከግርጌው?»

«የለም አልኩህ።»

«ከጀርባውስ? እስቲ ገልብጠህ እይልኝ።»

ደምሴ ወረቀቱን ገለበጡት። «ባዶ ነው» አሉ።